ቅልጥም፣ ሽንጥ ወይስ ቆሮሶ? በምግብ ዝግጅት ፈተና ላይ ብሬዚንግ፣ ሮስቲንግና ፖቺንግን ለመምረጥ

እዚህ ሀዋሳ ለምግብ ዝግጅት ብቃት ምዘና የሚዘጋጁ ልጆች የሦስቱን ዘዴዎች ትርጉም ጠይቋቸው፤ አንድም አይስቱም። ብሬዚንግ፦ ስጋውን ቡናማ እስኪሆን አቁላልቶ፣ በጥቂት ፈሳሽ፣ ድስቱን ከድኖ፣ ቀስ ብሎ ማብሰል። ሮስቲንግ፦ በኦቨን ደረቅ ሙቀት፣ ያለ ክዳን፣ ያለ ውሃ። ፖቺንግ፦ ሳይፈላ በሞቀ ፈሳሽ ውስጥ በእርጋታ ማብሰል። እስከዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጠረጴዛው ላይ ስጋ ሲቀመጥና «ይህን በምን ታበስለዋለህ? ለምን?» ሲባል ነው። ያን ጊዜ በቃል የተያዘ ትርጉም አያወጣም። መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ ዘዴውን ሳይሆን ስጋውን ነው። ስጋው ራሱ መልሱን ይናገራል።

ጡንቻው ምን ሲሠራ ኖረ?

በሬ ቀኑን ሙሉ ይቆማል፣ ይራመዳል፣ ያርሳል። ይህን ሸክም የሚሸከሙት እግሩ፣ ወርቹና ደረቱ ናቸው። ብዙ የሚሠራ ጡንቻ በብዙ ጅማትና ነጭ ሽፋን ይታሰራል። የዚህ ጅማት ዋናው ነገር ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ነው። ቅልጥም፣ ወርችና ፍሪምባ በኮላጅን የተሞሉ ናቸው። ከጀርባ አጥንት በታች ያለው ጭቅና ግን ምንም ያህል አይሠራም፤ ስለዚህ ለስላሳ ነው። ሽንጥም ከእሱ ብዙ አይርቅም።

ሙቀት በስጋ ላይ ሁለት ሥራ ይሠራል፤ ሁለቱም እርስ በርስ ይቃረናሉ። የመጀመሪያው ስጋውን ያደርቃል። የስጋው ውስጥ ሙቀት 60 ዲግሪን እያለፈ ሲሄድ ክሮቹ ይኮማተሩና ውሃቸውን ጨምቀው ያወጣሉ። 70 ሲደርስ ብዙው ውሃ ወጥቷል። ሁለተኛው ኮላጅንን ያቀልጣል። ጅማቱ እርጥበት ባለበት ከ70 ዲግሪ በላይ ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ቀስ በቀስ ወደ ጄላቲን ይለወጣል። ጄላቲን ያ አፍ ላይ ለስለስ የሚለው፣ መረቁ ሲቀዘቅዝ የሚያረጋው ነገር ነው።

እንግዲህ ምርጫው ሁሉ ከዚህ ይወጣል። ጅማት ያለው ስጋ የግድ ከ70 ዲግሪ ማለፍ አለበት፤ ውሃው ቢወጣም ጄላቲኑ ይተካዋል። ጅማት የሌለው ስጋ 70 ከደረሰ ግን የሚተካለት ነገር የለም፤ ደርቆ ይቀራል። ጭቅናን ሦስት ሰዓት ብሬዝ ብታደርጉት ጥጥ የምታኝኩ ይመስላችኋል። ቅልጥምን ሮስት አድርጋችሁ 60 ዲግሪ ላይ ብታወጡት ደግሞ ጅማቱ እንደ ገመድ ይቀመጣል።

ዓሳ ከሁለቱም ይለያል። ውሃ ውስጥ ስለሚንሳፈፍ የራሱን ክብደት አይሸከምም። ጅማቱ በጣም ስስ ነው፤ በትንሽ ሙቀት ይቀልጣል። ለዚህ ነው ፖቺንግ የሚስማማው። የፈረንጅ ዶሮ ደረትም እዚሁ ይመደባል፤ ወጣት ነው፣ ስብም ጅማትም የለው። ዓመት ሁለት ዓመት እንቁላል ስትጥል የኖረች የሀበሻ ዶሮ ግን ሌላ ታሪክ ናት። እሷን ፖች አደርጋለሁ የሚል ፈተና ውስጥ ራሱን ይጎዳል። ረጅም ሰዓት፣ የተከደነ ድስት ነው የምትፈልገው።

ብሬዚንግ፦ በጣም የሚሳሳቱበት

ብሬዚንግን ለየት አድርጌ የማብራራው ምክንያት አለኝ። ብዙ ተፈታኝ የሚወድቀው ዘዴውን ባለማወቅ ሳይሆን መሃል ላይ በመደንገጥ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ቅልጥሙ እሳት ላይ ከወጣ አንድ ሰዓት አለፈው እንበል። ተፈታኙ ክዳኑን ከፍቶ ሹካ ይወጋል። ስጋው ክችች ብሏል፤ መጀመሪያ ከነበረውም ይበልጥ ጠንክሯል። «አበዛሁት፣ ደረቀ» ይልና ያወጣዋል። ያበዛው ግን አልነበረም፤ ገና ነው። የስጋው ክር ውሃውን ጨርሶ ተኮማትሯል፣ ጅማቱ ደግሞ መቅለጥ ገና መጀመሩ ነው። ስጋው በጣም የሚከፋው እዚህ መሃል ላይ ነው። ሌላ አንድ ሰዓት ተኩል ቢጠብቅ ሹካው ያለ ግፊት ይገባል፣ ሲያወጡትም ስጋው ሹካውን አይከተልም። መብሰሉ የሚታወቀው በዚህ ምልክት ነው፤ በሰዓትም በሙቀት መለኪያም አይደለም።

የፈሳሹን መጠንም ልብ በሉ። ብሬዚንግ ላይ ፈሳሹ ከስጋው ቁመት ከአንድ ሦስተኛ እስከ ግማሽ ይደርሳል እንጂ አይሸፍነውም። የላይኛውን ክፍል የሚያበስለው ክዳኑ ሥር የታፈነው እንፋሎት ነው። ስጋውን በትናንሹ ከትፋችሁ በፈሳሽ ከሸፈናችሁት ያ ስቲዊንግ ነው፤ በወረቀት ፈተና ላይ ሁለቱን እያምታቱ ነጥብ የሚጥሉ ብዙ ናቸው። በተግባር ደግሞ ፈሳሽ ሲበዛ ሶሱ ይቀጥናል፣ እሱን ለማወፈር የቀረው ሰዓት ያልቃል።

ሌላው ስህተት እሳት ማብዛት ነው። ቶሎ ይድረስልኝ ብሎ ድስቱን ማንተክተክ ኮላጅኑን ብዙም አያፋጥነውም፤ የስጋውን ክር ግን ይበታትነዋል። ላይ ላዩ ተፈርፍሮ፣ ውስጡ ደርቆ ይወጣል። አልፎ አልፎ አንድ ሁለት አረፋ ብቅ የምትልበት እሳት ይበቃል። ኦቨን ካለ 150 ወይም 160 ዲግሪ ላይ መተው የተሻለ ነው፤ ሙቀቱ ከሁሉም አቅጣጫ ስለሚመጣ ሥሩ አያርም።

ስለ ማቁላላቱ አንድ ነገር ልጨምር። ስጋውን መጀመሪያ በዘይት ቡናማ ማድረግ «ውሃውን ይቆልፋል» የሚል አባባል አሁንም በየማሰልጠኛው ይሰማል። አይቆልፍም። ቡናማው ጣዕምና ቀለም ነው፤ ያን ጣዕም የሚሰጠው ለውጥ በደንብ የሚፈጠረው የስጋው ውጫዊ ገጽ 140 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው። ውሃ ውስጥ ያለ ስጋ እዚያ ሙቀት መቼም አይደርስም። ለዚህ ነው ከፈሳሹ በፊት የሚሠራው። ስጋውን በጨርቅ አድርቁት፤ ድስቱንም አታጨናንቁት። ከተጨናነቀ ውሃ ይተፋና በራሱ ውሃ ይቀቀላል።

ሮስቲንግ፦ የመጽሐፉ በሬና የእኛ በሬ

ለሽንጥ ሮስቲንግ ትክክለኛው ምርጫ ነው። አሠራሩም አያደናግርም። ኦቨኑን 220 ዲግሪ አሙቁ፣ ስጋውን በትሪ ላይ በተቀመጠ ፍርግርግ አስቀምጡ፣ 15 ደቂቃ ያህል ቡናማ ይሁን፣ ከዚያ ወደ 170 አውርዱት። ትሪው ላይ ውሃ አታፍሱ፣ በፎይል አትሸፍኑት። ይህን ካደረጋችሁ ስጋው በእንፋሎት ይበስላል፤ መዛኙም «ይህ ሮስቲንግ አይደለም» ቢል አይፈረድበትም። ድስት ውስጥ በዘይት የተቁላላ ስጋም ሮስቲንግ አይባልም፤ ምንም ያህል ቢጣፍጥ።

የሮስቲንግ መለኪያው ሰዓት ሳይሆን የስጋው መሃል ሙቀት ነው። መሃሉ 52 ዲግሪ ሲሆን ገና ቀይ ነው፣ 60 አካባቢ ሮዝ ነው፣ ከ70 በላይ ሙሉ በሙሉ የበሰለ። ካወጣችሁት በኋላ ሙቀቱ ከውጭ ወደ ውስጥ መሄዱን ስለማያቆም ሌላ ከ3 እስከ 5 ዲግሪ ይጨምራል። ስለዚህ 60 የምትፈልጉ ከሆነ 56 ላይ አውጡት። ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሳያርፍ ከተቆረጠ ጭማቂው ሰሌዳው ላይ ይፈሳል፤ ያን ደግሞ መዛኝ ከሩቅ ያየዋል።

አሁን መጽሐፍ የማይነግራችሁ ነገር። መጽሐፎቹ የሚያወሩት ወጣት ሆኖ ስለደለበና ከታረደ በኋላ በቅዝቃዜ ለቀናት ስለቆየ በሬ ነው። እዚህ የሚሸጠው ስጋ ግን ብዙውን ጊዜ የዕለቱ ነው፤ ጥሬ ለሚበላ ሰው ደግሞ እንደዚያ ነው የሚፈለገው። ለሮስቲንግ ግን አይመችም። እንስሳው ከታረደ በኋላ ጡንቻው በሰዓታት ውስጥ ይገትራል፤ ተመልሶ የሚላላው በቅዝቃዜ ሲቆይ ነው። ቤት ስትለማመዱ ሽንጡን ሁለት ሦስት ቀን አስቀድማችሁ ግዙና ከ4 ዲግሪ በታች ፍሪጅ ውስጥ አቆዩት፤ ልዩነቱን ጥርሳችሁ ይነግራችኋል። ፈተና ላይ የተሰጣችሁን ነው የምታበስሉት። ያን ጊዜ ማዳኛው አቆራረጥ ነው፦ ክሩን ተሻግሮ፣ ሳሳ አድርጎ።

መሃል ላይ ያሉት

የበግ ታፋ ለሁለቱም ይሆናል። በጉ ጠቦት ከሆነ ሮስት አድርጉት። አርጅቶ ከሆነ ብሬዝ ይሻለዋል። የበግ ወርች ግን ትንሽም በግ ቢሆን ለብሬዚንግ ያዘነብላል። የዶሮ እግር ሮስትም ብሬዝም ይሆናል፤ ከደረቱ የበለጠ ጅማትና ስብ ስላለው ይታገሣል። የበሬ ታፋ አስቸጋሪ ነው፦ ለሮስቲንግ ጠንከር ያለ፣ ለብሬዚንግ ደግሞ ጅማቱ ያነሰ። እኔን ብትጠይቁኝ ብሬዚንግን እመርጣለሁ፤ ሲደርቅ ቢያንስ ሶስ አለው።

እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣ መዛኙ አንድ ቃል መልስ አይበቃውም። ዕድሜውን፣ ጅማቱን፣ ስቡን አይታችሁ ምክንያት መስጠት አለባችሁ።

ፖቺንግ፦ አረፋ ካያችሁ አልፏችኋል

ፖቺንግ ከ71 እስከ 82 ዲግሪ ባለ ፈሳሽ ነው። በዓይን ሲታይ የድስቱ ሥር ትንንሽ አረፋዎች ይጣበቃሉ፣ ወደ ላይ ግን አይወጡም፤ የውሃው ገጽ በስሱ ይንቀጠቀጣል። ቅቅል ፖቺንግ አይደለም። ቅቅል ይንተከተካል፣ አጥንትና ጅማትም አለበት፣ ይገባዋልም። የቆሮሶ ፊሌ ግን ሲንተከተክ ተበታትኖ ሾርባ ይሆናል።

አሞራ ገደል ሄዳችሁ የሐይቁን ቆሮሶ ስትገዙ ፊሌው ስስ መሆኑን ታያላችሁ። ስስ ፊሌ ጥልቅ ፈሳሽ አያስፈልገውም። ሰፊ ድስት ውሰዱ፣ ሥሩን ቅቤ ቀቡት፣ በደቃቁ የተከተፈ ሽንኩርት በትኑ፣ ፊሌዎቹን ደርድሩ፣ የዓሳ መረቅ እስከ ግማሽ ቁመታቸው ድረስ አፍስሱ። ጥቂት ሎሚ ጨምሩ። ቅቤ የተቀባ የመጋገሪያ ወረቀት ላዩ ላይ አልብሱት። ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይበቃል። ግልጽ የነበረው ሥጋ ነጭ ሲሆንና በሹካ ሲነካ በንጣፍ በንጣፍ ሲላቀቅ ደርሷል፤ በመለኪያ 63 ዲግሪ ነው። ፊሌዎቹን አውጥታችሁ ፈሳሹን አጥልላችሁ አፍልታችሁ ቀንሱት፤ ሶሱ እሱ ነው። ዓሳው የለቀቀውን ጣዕም ደፍቶ ሌላ ሶስ መሥራት ያስቆጫል።

መረቁን ከዓሳው አጥንት ሥሩት፣ ከ30 ደቂቃ በላይ ግን አታቆዩት፤ ይመርራል። የዶሮ ደረት ፖች ስታደርጉ ፈሳሹ ይሸፍነው፣ መሃሉም 74 ዲግሪ ይድረስ።

ሀዋሳ ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ አይፈላም

ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። አዳማም ከዚህ ብዙ አትለይም። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ሦስቱንም ዘዴዎች ግን በተለያየ መንገድ ይነካል።

ብሬዚንግ ይዘገያል። መጽሐፉ ሁለት ሰዓት ካለ እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል አስቡ፤ ድስታችሁ ሊደርስ የሚችለው ከፍተኛ ሙቀት ዝቅ ያለ ነውና። ሮስቲንግ ብዙም አይነካም፤ የሚያሞቀው የኦቨኑ አየር እንጂ የሚፈላ ውሃ አይደለም። ፖቺንግ ደግሞ ይቻላል፣ ግን በዓይን ግምት ብቻ መተማመን ያሳስታል፤ አረፋው መጽሐፉ ከሚለው ባነሰ ሙቀት መውጣት ይጀምራል። መለኪያ ካላችሁ መለኪያውን እመኑ።

በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስቱም

አሁን እንሞክረው። ጠረጴዛው ላይ ሦስት ነገር አለ እንበል፦ አጥንቱ የወጣለት 1 ኪሎ የቅልጥም ስጋ፣ 1.2 ኪሎ ሽንጥ፣ አራት ያልተበለተ ቆሮሶ። አንድ ኦቨን፣ ሁለት ምድጃ። ሰዓቱ 3 ሰዓት ተኩል፣ ማለትም 210 ደቂቃ ነው።

ምርጫው ግልጽ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ነው ጭንቅላት የሚፈልገው። ከሁሉም ቀድሞ የሚነካው ቅልጥሙ ነው። ሙሉውን ከተዋችሁት አይደርስም፤ ስለዚህ ክሩን ተሻግራችሁ 3 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ባላቸው ቁራጮች ክፈሉት። አድርቁት፣ ጨው፣ ቁንዶ በርበሬ፣ ስስ ዱቄት ነስንሱበት። ሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ቡናማ አድርጉት። ስጋውን አውጥታችሁ አንድ ትልቅ ሽንኩርት፣ አንድ ካሮትና ትንሽ ሰለሪ እዚያው ድስት ውስጥ አቁላሉ፣ ሁለት ሾርባ ማንኪያ የቲማቲም ድልህ ጨምሩና ቀለሙ እስኪጠቁር አማስሉ። መረቅ አፍስሳችሁ ሥሩ ላይ የተጣበቀውን ፍቃችሁ አስለቅቁ። ብዙ አሠራር ቀይ ወይን ይጨምራል፤ ከሌለ ወይም የማይጠቀም ቤት ከሆነ መረቁና ቲማቲሙ ይበቃሉ። ስጋውን መልሱ፣ ቤይ ሊፍ ጣል አድርጉ፣ ክደኑ። ይህ ሁሉ በ35ኛው ደቂቃ ማለቅ አለበት።

ድስቱ የሚቀመጠው ምድጃ ላይ በዝቅተኛ እሳት ነው እንጂ ኦቨን ውስጥ አይደለም። ቅድም ኦቨን ይሻላል ብዬ ነበር፤ እዚህ ግን ኦቨኑ ለሽንጡ በ220 ዲግሪ ይፈለጋል፣ ሁለቱን አንድ ላይ ማስተናገድ አይችልም። ብዙ ሰው ይህን የሚያስታውሰው መሃል መንገድ ላይ ነው። ምድጃ ላይ ስለሆነ በየ30 ደቂቃው ሥሩን ማየት፣ መሃል ላይም ቁራጮቹን መገልበጥ አይዘንጋ።

እሱ ሲበስል ዓሳውን በልቱ፣ አጥንቱን በሁለተኛው ምድጃ 25 ደቂቃ አፍልታችሁ መረቁን አጥሉ፣ ፊሌዎቹን ፍሪጅ አስገቡ። ሽንጡን ደግሞ ከፍሪጅ አውጥታችሁ ጨው አድርጉበት። በ105ኛው ደቂቃ ኦቨን ይግባ። በ165ኛው አካባቢ መሃሉ 56 ይሆናል፤ ከ150ኛው ጀምሮ ግን መለካት ጀምሩ፤ ቅርጹ ረዘም ቀጠን ካለ ቶሎ ይደርሳል። አውጥታችሁ አሳርፉት። የትሪውን ስብ ቀንሳችሁ በቀረው ግሬቪ ሥሩ።

በ185ኛው ደቂቃ ቅልጥሙ ሁለት ሰዓት ተኩል ሆኖታል። ሹካ ይግባበት። ከደረሰ ስጋውን አውጡና ሶሱን አጥልላችሁ ማንኪያ ጀርባ ላይ እስኪለብስ አፍሉት። ካልደረሰ ለመመለስ ትንሽ ጊዜ አላችሁ፤ ሶሱን ማወፈር ግን በመጨረሻ ደቂቃ ይሆናል።

ዓሳው መጨረሻ ነው፤ በ190ኛው። ከዚያ በፊት የበሰለ ፊሌ ሲጠብቅ ይደርቃል፣ ወይም ለማሞቅ ሲባል ሁለተኛ ጊዜ ይበስላል። ፊሌው 7 ደቂቃ፣ ሶሱ 5 ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ ሳህን።

አንድ ነገር ከመጀመራችሁ በፊት። የሙቀት መለኪያችሁን ስትሞክሩ የፈላ ውሃ ውስጥ ከትታችሁት 94 ቢያሳይ ተበላሸ ብላችሁ እንዳትጥሉት፣ 100 እንዲያሳይም እንዳታስተካክሉት። እዚህ ትክክል ነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ የተፈጨ በረዶ በጥቂት ውሃ ውስጥ ክተቱት፤ ዜሮ ማሳየት አለበት። በስህተት 6 ዲግሪ ከፍ ያደረጋችሁት መለኪያ ሽንጡን 56 ብሎ ሲነግራችሁ ስጋው ገና 50 ላይ ነው።